አንድ ነጭ ክብ በአራት ዓይነት ጨርቅ

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ስለ ጨርቅ እንማማራለን።

ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አንድ ነጭ ክብ አያችሁ እንበል። ነጩ ከየት መጣ? ብዙዎቻችን «ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነዋ!» እንላለን። ግን ነጭ ቀለም ያልተቀባበት ጨርቅም አለ። ነጩ የጨርቁ የራሱ መልክ ነው፤ ጨርቁ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ሲነከር ቀለሙ እዚያ ቦታ እንዳይገባ ስለተከለከለ ነጭ ሆኖ ቀረ። ቀለሙን የሚከለክሉበት መንገድ ይለያያል፤ ስለዚህ የክቡ ጠርዝም ይለያያል። እኛም ጠርዙን አይተን እንለያለን።

መጀመሪያ ባቲክን እንይ። በባቲክ በጣም የታወቀችው የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ናት። እዚያ ቻንቲንግ የምትባል ከመዳብ የተሠራች ትንሽ ዕቃ አለች። በጣም ያነሰች ጀበና በሏት፤ የቀለጠ ሰም ይሞላባትና በቀጭን አፏ ጨርቁ ላይ ይሳልባታል። ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይጠጣም። ማቅለሚያው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ትኩስ ከሆነማ ሰሙ ቀልጦ ሥዕሉ ይበላሻል። በመጨረሻ ጨርቁ በፈላ ውኃ ሲቀቀል ሰሙ ይለቃል። በዚህ መንገድ የተሠራ ክብ ጠርዙ በእስክሪብቶ እንደተሰመረ ጥርት ያለ ነው። ክቡ ውስጥ ደግሞ አንዳንዴ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ይታያሉ፤ የደረቀ ሰም ሲሰነጠቅ ቀለሙ በስንጥቁ ስለሚገባ ነው። ሰሙ በደንብ ካልጋለ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ያን ጊዜ ቀለሙ በጀርባ በኩል ይገባና የጀርባው ክብ ይደበዝዛል።

ታይ ዳይ ሰም አይፈልግም። የጨርቁን አንድ ቦታ በጣት ቆንጥጦ ወደ ላይ መሳብና ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ በክር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ተነክሮ ሲፈታ ክሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ቀለበት ይሆናል። መሀሉ ግን ሰማያዊ ነው፤ ጫፉ አልታሰረማ! ጠርዙ ለስላሳና ትንሽ የተንጋደደ ይሆናል፤ ከመሀሉም እንደ ፀሐይ ጨረር የሚወጡ የእጥፋት መስመሮች ይታያሉ። ክሩ ከላላ ቀለሙ ሾልኮ ይገባና ቀለበቱ ይጠፋል።

ሺቦሪ የጃፓን ስም ነው። ማሰርም እዚያ ውስጥ ስለሚገባ ከታይ ዳይ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ለመለየት የሚቀለው በመርፌ የሚሠራው ነው። ክቡ ዙሪያውን ይሰፋል፤ ክሩ ተስቦ ጨርቁ ይጨማደድና ይነከራል። ክሩ ሲወጣ የክቡ ዙሪያ እንደ ጥርስ በተደረደሩ ትናንሽ ነጭ ምልክቶች ይታያል፤ አንዳንዴም የመርፌው ቀዳዳ አይጠፋም።

ከሁሉም የሚገርመው ኢካት ነው። እዚህ የሚታሰረው ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው፤ ያውም ከመሸመኑ በፊት! የድሩ ክር እየታሰረ ይነከራል፣ ከዚያ ይሸመናል። ሲሸመን ክሮቹ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ድሩ በቁመት ከሆነ የክቡ የላይና የታች ጠርዝ እንደ ላባ ይበጣጠሳል፤ የግራና የቀኙ ግን ደህና ነው። በህንድ ጉጃራት ውስጥ ፓታን በምትባል ከተማ ድሩንም ማጉንም አስቀድመው ያቀልማሉ። ይኼ በጣም ከባድ ነው፤ ሁለቱ ክሮች በትክክል ካልተገናኙ ሥዕሉ ይዘባረቃል።

የእኛ የነጠላ ጥበብም በሽመና የሚወጣ ነው፤ ግን ኢካት አይደለም። ከጥበቡ አንድ ክር ብትመዙ አረንጓዴው ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። የኢካት ክር ግን ራሱ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እንደገና ሰማያዊ እያለ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሱቅ እንግባ። በማሽን የታተመ ጨርቅ እነዚህን ሁሉ ማስመሰል ይችላል፤ «የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ በውድ ከተሸጠ ገዢው ይጎዳል። መጀመሪያ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የታተመ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጀርባው የደበዘዘ ነው። ጨርቁ ስስ ሲሆን ግን የኅትመት ቀለምም ወደ ጀርባ ያልፋል፣ በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ሁለት ክቦችን አስተያዩ። እጅ የሠራቸው ሁለት ክቦች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም፤ ማሽን ግን ስንጥቁን ሳይቀር እዚያው ቦታ ላይ ይደግመዋል።

የዚህ ዕትም ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ አምጥቶ «በእጅ የታሰረ ታይ ዳይ ነው» አለ። ጨርቁ ላይ አሥር ነጭ ቀለበቶች አሉ። በሁሉም ላይ ሰባት ሰባት ጨረር አለ፤ ሦስተኛው ጨረር ሁልጊዜ አጭር ነው። ጀርባው ፈዘዝ ያለ ነው። ነጋዴው እውነቱን ነው? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ።