«እንዳለ ተርጉሙት»፦ ስለ አንድ የጥያቄ ኢ-ሜይል

በዲፓርትመንታችን ስለ ቃለ መጠይቅ ብዙ ተምረናል። ጥያቄን በጽሑፍ አስተካክሎ መጠየቅን ግን የተማርኩት ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ጎባ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ አሁን ትርጉም ይሠራሉ። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እተይብላቸው ነበር። በእጃችን የነበረው ሥራ በጀርባ የሚታዘል የጸረ አረም መርጫ ማኑዋል ነው፤ 14 ገጽ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። አሠሪው አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ ነው።

ገጽ 9 ላይ ስንደርስ ጋሼ ቆም አሉና «እዚህ ጋ አሠሪውን እንጠይቅ፤ አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ጻፊ» አሉኝ። እኔም እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «በማኑዋሉ ውስጥ ያልገቡን አንዳንድ ቃላት ስላሉ ማብራሪያ ብትሰጡን በትህትና እንጠይቃለን።» በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። አንድ መስመር ብቻ ናት፦ «እንዳለ ተርጉሙት»።

ተናደድኩ። ጋሼ ግን ሳቁ። «ምን ይበሉሽ ታዲያ? የትኛው ቃል፣ የትኛው ገጽ፣ ምን ስለሆነ ነው ያልገባሽ? ሰውየው ማኑዋሉን ከፍቶ ሊፈልግልሽ ነው?» እውነታቸውን ነው። በኢ-ሜይሌ ውስጥ ጥያቄ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጽ 9 ላይ ያለው የመበጥበጫ ሠንጠረዥ «በአንድ ጋሎን ውሃ 1 አውንስ» ይላል። ቃሉ ለሁላችንም ይገባናል፤ ጋሎን ጋሎን ነው። ችግሩ ጋሎን ሁለት ዓይነት መሆኑ ላይ ነው። የአሜሪካው 3.785 ሊትር ሲሆን የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ነው። የፈሳሽ አውንሱም ይለያያል፤ የአሜሪካው ጋሎን ውስጥ 128 አውንስ፣ የእንግሊዙ ውስጥ 160 አውንስ አለ። የኛ መርጫ 16 ሊትር ይይዛል። 16,000 ሚሊ ሊትርን ለ128 ስናካፍለው 125 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይመጣል፤ ለ160 ስናካፍለው 100 ሚሊ ሊትር። ትክክለኛው 125 ሆኖ 100 ብንጽፍ አረሙ ሳይሞት ይተርፋል፣ እየቆየም መድኃኒቱን ይለምዳል። ትክክለኛው 100 ሆኖ 125 ብንጽፍ ደግሞ መጠኑ በሩብ በልጦ ስንዴውን ሊያቃጥል ይችላል፣ ገንዘቡም በከንቱ ይፈሳል። በሮቤና በጎባ ዙሪያ የብዙ ሰው ኑሮ ስንዴና ገብስ ነውና ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ጋሼ ግን ከመጠየቅ በፊት በማኑዋሉ ውስጥ ራሱ እንድፈልግ አዘዙኝ። ገጽ 2 ላይ የታንኩ ልክ «16 ሊትር፣ 4.2 ጋሎን» ተብሎ ተጽፏል። 16ን ለ3.785 ስናካፍል 4.2 ይሆናል፤ በእንግሊዙ ቢሆን 3.5 ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ፋብሪካው የሚያወራው በአሜሪካ ጋሎን ነው። አገኘሁት ብዬ ጮህኩ! ጋሼ ቀስ ብለው የገጽ 9ን ፊደል አሳዩኝ። ከሌላው ገጽ የተለየ ነው፤ የቃላቱም አጻጻፍ እንግሊዝኛው የእንግሊዝ አገር ነው፣ ሌላው ገጽ ግን የአሜሪካ። ሠንጠረዡን በኋላ ሌላ ሰው ጨምሮታል ማለት ነው። በቃ፣ መጠየቅ የግድ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቫልቭ ነው። ገጽ 4 «ሻት-ኦፍ ቫልቭ»፣ ገጽ 7 «ትሪገር ቫልቭ»፣ ገጽ 11 «ኮንትሮል ቫልቭ» ይላል። ሦስት ዕቃ ነው ወይስ አንድ ዕቃ በሦስት ስም? ሥዕሉ ላይ ስንቆጥር ቫልቭ የሚመስለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ በእጅ የሚጨበጠው መክፈቻና መዝጊያ፣ ሌላው አፍንጫው አጠገብ ያለው ግፊት የሚያስተካክል። ሁሉንም «መክፈቻ» ብንለው፣ «ኮንትሮል ቫልቩን ፍታና እጠብ» የሚለውን የሚያነብ ገበሬ እጀታውን ይፈታል።

ሦስተኛው ገጽ 12 ላይ ነው፦ «ከዋናው ወቅት በፊት ጎማዎቹን ቀይር።» አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ዋናው ወቅት መኸር ነው። ባሌ ደጋ ላይ ግን ሁለቴ ይዘራል፤ በጋና (አገሩን ማለቴ አይደለም) ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ በቦና ደግሞ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ። በሌላው የኦሮሚያ ክፍል ግን ቦና ሲባል የሚታሰበው ደረቁ በጋ ነው። ስለዚህ ለባሌ ገበሬ ቀላል እንዲሆን ብለን «ከቦና በፊት» ብንጽፍ ወለጋ ያለው አንባቢ ሌላ ነገር ይረዳል። ይሄ ጥያቄ ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ አንባቢው ነው፤ ማኑዋሉ የት የት ነው የሚበተነው?

ሁለተኛው ኢ-ሜይል ይኸውና፤ ብዙውን ጋሼ ናቸው የነገሩኝ፦

«ርዕስ፦ የመርጫ ማኑዋል፣ 3 ጥያቄዎች፣ እስከ ሐሙስ

ጤና ይስጥልን። ከእነዚህ 3 ቦታዎች በስተቀር ትርጉሙ አልቋል።

1. ገጽ 9፣ ሠንጠረዡ፣ መስመር 2፦ ‹በአንድ ጋሎን 1 አውንስ›። ሀ) በአሜሪካ ልክ ለ16 ሊትር 125 ሚሊ ሊትር፣ ለ) በእንግሊዝ ልክ 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ገጽ 2 የአሜሪካውን ያሳያል፤ ይህ ሠንጠረዥ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። ሀ ነው ለ? ይህን ያለ መልስ አናስረክብም።

2. ገጽ 4፣ 7 እና 11፦ በሥዕሉ መሠረት ሻት-ኦፍና ትሪገር አንድ ዕቃ፣ ኮንትሮል ሌላ ዕቃ አድርገን ወስደናል። ካልተቃወማችሁ ‹የእጀታ መክፈቻ› እና ‹የግፊት ማስተካከያ› እንላለን።

3. ገጽ 12፦ ‹ዋናው ወቅት›። ማኑዋሉ የሚበተነው ለባሌ ብቻ ነው ወይስ ለመላ አገሪቱ? መልስ ካልደረሰን ‹ከእያንዳንዱ የመርጫ ወቅት በፊት› እንላለን።»

ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ዝም ቢባሉም ሥራው አይቆምም። የመጀመሪያው ግን ያቆማል፣ ለምን እንደሚያቆምም እዚያው ተጽፏል። እኔ ሦስቱንም «ያለ መልስ አንቀጥልም» ልል ነበር። ጋሼ አልተስማሙም፤ ሁሉ ነገር አስቸኳይ ከተባለ ሰውየው የትኛው እንደሚገድል አያውቅም አሉ። «መልስ ካልመጣ በግምት እንጻፈው» የሚባለውም እንደ ሁኔታው ነው፤ ለስም ይሠራል፣ ለመድኃኒት መጠን አይሠራም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። አሠሪው ገጽ 9ን የጨመረውን ሠራተኛ ጠይቆ ኖሯል። «1. ለ ነው፤ ሠንጠረዡን ከሌላ የቆየ መጽሐፍ ነው የወሰድነው። ሆኖም የኬሚካሉ ዕቃ ላይ ያለው መመሪያ እንደሚበልጥ ከሥሩ ጻፉልን። 2. ትክክል ነው።» በገጽ 2 ብቻ ተማምኜ 125 ጽፌ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ የኔ ነበር። ጋሼ ምንም አላሉኝም፤ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

ለሦስተኛው ጥያቄ እስከ ሐሙስ ማታ መልስ አልመጣም። «ከእያንዳንዱ የመርጫ ወቅት በፊት» ብለን አስረከብን።