ኔትወርክ የቆረጠውን ደቂቃ እንዴት እንቁጠር?

የዙም ትምህርታችን ሲያልቅ የምናወርደው ዝርዝር፣ ኔትወርክ ተቋርጦበት የተመለሰን ሰው በገባ ቁጥር በአዲስ መስመር ይጽፈዋል። አንዱን መስመር ብቻ ካየን እንበድለዋለን፤ ሁሉንም ዝም ብለን ከደመርን ደግሞ እናበዛለታለን።

አጣዬ ያለች እህታችን ከምሽቱ 2:00 እስከ 3:00 የነበረውን ትምህርት ተከታተለች እንበል። ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦

```
20:00 - 20:18
20:25 - 20:50
20:45 - 21:00
```

ሦስተኛው መስመር በስልኳ የገባችበት ነው። ቀጥታ ድምሩ 58 ደቂቃ ቢሆንም፣ ከ20:45 እስከ 20:50 ያለው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። የተደራረቡትን ስናዋህድ 18 + 35 = 53 ይሆናል። ዝቅተኛው 45 ደቂቃ ከሆነ ተገኝታለች።

ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያለውን ደቂቃ አንቆጥርም። ስልኩና ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው እንዳይመስሉ ሁላችንም በአንድ ስም እንግባ።