ባነር ከመታተሙ በፊት በወረቀት ይፈተሽ

የባነር ዋጋ በካሬ ሜትር ስለሚታሰብ፣ ስህተቱ ከታተመ በኋላ የታየው ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ለባዛር በር የታዘዘ፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነና ከ10 ሜትር ርቀት የሚታይ ባነር ይወሰድ። ዲዛይኑ 20 ጊዜ አንሶ፣ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በወረቀት ይወጣና ከዓይን 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይያዛል። በዚህ ርቀት ያስቸገረ ጽሑፍ በሩ ላይም ያስቸግራል። ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስልክ ቁጥር በወረቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ ይሻላል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለየው ትንሽ ጭረት ስለሆነ ማሳነስን አይወድም።

ባነሩን ሙሉ የሚሸፍነው ፎቶ በስሌት ይጣራል። ወርዱ 1,000 ፒክሰል ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጤነኛ ዓይን ከ10 ሜትር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚለይ ነጥቦቹ ይታያሉ። 2,500 ፒክሰል ከሆነ ግን ነጥቡ 2 ሚሊ ሜትር ነውና ያልፋል፤ እንግዶች አጠገቡ ቆመው የሚያዩት ከሆነ ይህም አይበቃም።