የበጎ ሥራን ዋጋ ለሌላው ስለ መስጠት፤ በቡድሃ ሃይማኖት

የቡድሃ ሃይማኖት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሥራ ፍሬ ያጭዳል ብሎ ያስተምራል፤ ይህም ሕግ ካርማ ይባላል። እንግዲያውስ በታይላንድ አንዲት ሴት ለመነኮሳት ምግብ ሰጥታ የምጽዋቷን ዋጋ ለሞተች እናቷ ማስተላለፏ እንዴት ይሆናል? ጥያቄው የእምነቱን መሠረት ስለሚነካ፣ አስቀድመን ሥርዓቱን እንመልከት።

መነኮሳቱ ምግቡን ከተቀበሉ በኋላ አለቃቸው በፓሊ ቋንቋ ብቻውን ማዜም ይጀምራል። ቃሉ፣ ወንዞች ባሕርን እንደሚሞሉ ሁሉ ከዚህ የተሰጠው ለሙታን ይደርሳል የሚል ነው። ሴትዮዋም በዚያው ጊዜ ከትንሽ ዕቃ ውሃ ሳታቋርጥ ቀስ እያለች ወደ ሌላ ዕቃ ታንቆረቁራለች፤ በልቧም እናቷን ታስባለች። የቀሩት መነኮሳት ዜማውን ሲቀበሉ፣ የተረፈውን ውሃ ገልብጣ እጆቿን በማጋጠም ምርቃቱን ታዳምጣለች። በመጨረሻ ውሃው ወደ ውጭ ተወስዶ ከዛፍ ሥር ይፈስሳል። ውሃው ምልክት ነው፤ ዋናው ነገር የሰጪዋ አሳብ ነው።

ይህንንም የንጉሥ ቢምቢሳራ ታሪክ ያስረዳል። የጥንት ተርጓሚዎች እንደሚተርኩት፣ የማጋዳው ንጉሥ ቡድሃን ከነመነኮሳቱ አበላ፤ ነገር ግን ዋጋውን ለማንም አልሰየመም። በጥንት ዘመን ዘመዶቹ የነበሩና ፔታ ተብለው የሚጠሩ የተራቡ መናፍስት ተስፋቸው ስለ ተቆረጠ በዚያች ሌሊት በቤተ መንግሥቱ ጮኹ። ቡድሃም ነገሩን ገለጸለት። በማግሥቱ ንጉሡ ስጦታውን «ለዘመዶቼ ይሁን» ብሎ ውሃ ቢያፈስስ፣ ለመናፍስቱ የሚጠጡት ውሃና የሚበሉት ምግብ ተገኘላቸው ይባላል።

የካርማ ሕግ በዚህ ፈረሰ ማለት ነውን? መምህራኑ አልፈረሰም ይላሉ። ዋጋው እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ሟቹ የተደረገለትን አይቶ ደስ ሲለውና «መልካም ነው» ብሎ ሲቀበለው፣ ያ ደስታ ራሱ የሟቹ በጎ ሥራ ይሆናል፤ ፍሬውንም የሚያገኘው በዚህ ነው። ስለዚህ የሰጪው ድርሻ አይጎድልም፤ አንዱ መብራት ሌላውን ቢያበራ ብርሃኑ እንደማይቀንስ ማለት ነው። ተዝካርን የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱ አንድ ይመስሉት ይሆናል፤ ነገር ግን እዚህ ምሕረት የሚለመን አምላክ የለም።

ወሰንም አለው። ጃኑሶኒ የተባለ ብራህማን «በእርግጥ ይደርሳልን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ቡድሃ የሚደርሰው ፔታ ሆኖ ለተወለደ ብቻ እንደ ሆነ መለሰለት። በሲኦል ያለ፣ እንስሳ ወይም ሰው ሆኖ የተወለደ፣ በአማልክት መካከል ያለም በዚያው በየስፍራው ምግብ ይኖራል እንጂ ይህ አይደርሰውም። ታዲያ የታሰበው ዘመድ በፔታ መካከል ባይገኝስ? በዚያ ያሉ ሌሎች ዘመዶች ይቀበሉታል፤ ሰጪውም ቢሆን ያለ ፍሬ አይቀርም። ልቅሶና ዋይታ ግን ለሟቹ ምንም እንደማይረዱት ያው የፓሊ መጽሐፍ ይናገራል።