የሄይዋርድ የቧንቧ ውሃ በጎመን ጭማቂ ሲፈተን ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ባለፈው ሰሞን ታናሽ እህቴ ለትምህርት ቤት የፒኤች ሙከራ ልትሠራ ቀይ ጥቅል ጎመን ገዛን። የጎመኑን ጭማቂ የቧንቧ ውሃ ላይ ጠብ ስታደርገው ሰማያዊ ሆነ። «ውሃ ገለልተኛ ነው ተብለን የለ? አበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ። ያበላሸችው ነገር አልነበረም። ሙሉውን ሙከራ እንደ ሠራነው ልንገራችሁ።

ሩብ ጥቅል ጎመን በደቃቁ ከትፈን፣ ሁለት ኩባያ የፈላ ዲስትልድ ውሃ (ከሱፐርማርኬት በጋሎን የሚሸጠውን) አፈሰስንበትና ሩብ ሰዓት ከድነን ካቆየነው በኋላ አጠለልነው። ጥልቅ ሐምራዊ ጭማቂ ወጣ። በነጭ ስኒ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ኩባያ ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ጭማቂ ጨመርን። ዲስትልድ ውሃ ሐምራዊ ሆኖ ቀረ፤ ማነጻጸሪያችን እሱ ነው። ሎሚና አቼቶ ቀይ ሆኑ። ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ሰማያዊ ሆነ፤ የቧንቧውም ውሃ እንዲሁ።

ቀለሙን የሚሰጠው በጎመኑ ውስጥ ያለው አንቶሲያኒን ነው። አሲድ ውስጥ ሲገባ ሞለኪዩሉ የሃይድሮጅን አዮን ይቀበላል፤ ያን ጊዜ የሚውጠው ብርሃን በዋናነት አረንጓዴ ስለሆነ ለዓይናችን ቀይ ይመስላል። አሲዱ እየቀነሰ ሲሄድ አዮኑን ይለቃል፣ የሚውጠው ብርሃን ወደ ብርቱካናማና ቀይ ይዞራል፣ እኛም ሐምራዊ ከዚያም ሰማያዊ እናያለን። ቤዙ በጣም ሲበረታ ሞለኪዩሉ ራሱ ይከፈትና ቢጫ ይሆናል። መሀል ላይ የምናየው አረንጓዴ የሰማያዊውና የቢጫው ድብልቅ ነው።

ታዲያ የቧንቧው ውሃ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ሄይዋርድ ውሃዋን የምትገዛው ከሳን ፍራንሲስኮ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ አብዛኛው የሚመጣው ዮሴሚቲ ፓርክ ውስጥ ካለው ከሄች ሄቺ ግድብ ነው። የበረዶ ቅልጥ ስለሆነ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ ቧንቧን ይበላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ፒኤቹን ሆን ብለው ከ8 በላይ ያደርጉታል። የእህቴ ስኒ ትክክለኛውን ነው የተናገረው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ። የቧንቧው ውሃና የቤኪንግ ሶዳው ውሃ በቀለም ይቀራረባሉ። እኩል ቤዝ ናቸው ማለት ነው? ሎሚ ጨምቀን በጠብታ መጨመር ጀመርን። በቧንቧው ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ በቂ ነበር፤ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሮዝ ዞረ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ስኒ ግን አረፋ እየደፈቀ ያንኑ ቀለም ይዞ ቆየ። እስኪለወጥ ድረስ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

ፒኤች የሚነግረን በዚያች ቅጽበት ፈሳሹ ውስጥ ስንት ነፃ የሃይድሮጅን አዮን እንዳለ ነው፤ ቤዙ የቱን ያህል አሲድ መቋቋም እንደሚችል አይነግረንም። ውሃው ውስጥ ያለው ቤዝ ኢምንት ነው፤ ሶዳው ግን ከጀርባው ብዙ ባይካርቦኔት አለው፣ የሚመጣውን አሲድ እየያዘ ፒኤቹ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። ይህን አቅም ኬሚስቶች ባፈር ይሉታል። ከሱቅ የሚገዛው የፒኤች ወረቀትም በእንዲህ ያለ ማዕድን አልባ ውሃ ላይ ያሳስታል፤ ቶሎ አይነበብም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ውሃውን ትንሽ ሊያዞረው ይችላል።

የራሳችሁን ወረቀት መሥራት ከፈለጋችሁ ነጭ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ጭማቂው ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት፤ ደጋግማችሁ ብትነክሩት ቀለሙ ይደምቃል። አሲድና ቤዝ ለመለየት በቂ ነው፤ 8ን ከ9 ለመለየት ግን አትመኑት። በፒኤች መለኪያ ላይ ያቺ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ናት።

እናታችን ምጣዱን ልትጥድ ስትል ከእንጀራው ሊጥ ላይ የተንሳፈፈውን ቢጫማ ውሃ በጭልፋ ቀዳን። ጭማቂው ሲገባበት ሮዝ ሆነ። በጤፍ ሊጥ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ስለሚሠሩ፣ ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ ፒኤቹ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ሊጡን ራሱን ብትፈትኑ ግን የጤፉ ቀለም ይሸፍንባችኋል፤ ቡናና ኮካ ኮላም እንዲሁ።

በረኪና ላይ ያየነው ሌላ ነገር ነው። ጭማቂው መጀመሪያ አረንጓዴና ቢጫ ይሆንና ወዲያው ይነጣል። መንጣቱ የፒኤች ጉዳይ አይደለም፤ ክሎሪኑ ቀለሙን ራሱን አጥፍቶታል። ይህን ከሞከራችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፤ በዚያ ስኒ ላይ ደግሞ አቼቶም ሎሚም ፈጽሞ እንዳትጨምሩ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። እኛ በብዙ ውሃ አጥበን ደፋነው።

የተረፈው ጭማቂ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሽታው ብቻ ሳይሆን ቀለሙም ይነግራችኋል፦ መፍላት ሲጀምር አሲድ ስለሚያበጅ በራሱ ጊዜ ወደ ሮዝ ይሄዳል።