ስለ ጥርጣሬ መድኃኒት፤ የሊቃውንት ምክር ስለ ምን ተለያየ?

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይኹን።

ከዚህ በኋላ፤ የተከበርህ አንባቢ ሆይ፤ በሃይማኖቱ ነገር ጥርጣሬ የገባበት ሰው ወደ ሦስት ዐሊሞች ሄዶ ቢጠይቅ ሦስት ልዩ ልዩ ምክር ይሰጠው ይኾናል። አንዱ «ተወው፤ አትመልስለት» ይለዋል። ሁለተኛው «ተቀመጥና ማስረጃውን ተማር» ይለዋል። ሦስተኛው ስለ ጥያቄው አንዳች ሳይናገር ዱዓ አድርጎለት ከርሱ ጋራ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውዬውም «እነዚህ ሊቃውንት ርስ በርሳቸው የማይስማሙ ናቸው» ብሎ በጥርጣሬው ላይ ሌላ ጥርጣሬ ጨምሮ ይመለሳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሐኪም ለወባ የሚሰጠውን መድኃኒት ለስብራት አይሰጥም፤ ጥርጣሬም አንድ በሽታ ሳይኾን ሦስት ነውና መድኃኒቱም ሦስት ነው።

ነገሩ እንዲገባን ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዱርቤቴ ከተማ፣ በቆሎና ዳጉሳ የሚነግድ አንድ ሰው አለ እንበል። ቀን በገበያ ሲውል ምንም አይሰማውም። ማታ ግን ሱቁን ዘግቶ የዒሻን ሶላት ሊሰግድ ሲቆም አንድ ድምፅ በልቡ «ይህን ኹሉ አላህ ፈጠረ፤ አላህንስ ማን ፈጠረው?» ይለዋል። ሰውዬው ይደነግጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ «እኔስ ከሀዲ ኾንሁ» እያለ እንቅልፍ ያጣል። ለሚስቱ እንኳ ለመናገር ያፍራል።

ይህ የመጀመሪያው ዐይነት ነው፤ ስሙም ወስዋስ ይባላል። ምልክቱም ሦስት ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፤ የመጣበት ሰው ይጠላዋል፤ አንድ ጊዜ ቢመልሱለትም ተመልሶ ይመጣል። ከነቢዩ ባልደረቦች ጥቂቶቹ፣ አንደበታቸው ሊናገረው የሚከብደው ነገር በልባቸው እንደሚመላለስ ለነቢዩ፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ በነገሯቸው ጊዜ፣ እርሳቸው አልገሠጿቸውም፤ ይልቁንም ይህ ጥርት ያለ ኢማን መኾኑን አስረዷቸው። ይህን ሐዲስ ኢማም ሙስሊም አውርደውታል። ዐሊሞችም ሲተረጕሙት፣ ኢማን የተባለው ክፉው ሐሳብ ራሱ ሳይኾን፣ ሰውዬው ስለ ሐሳቡ የተሰማው ጥላቻና ፍርሃት ነው አሉ። ሌባ ባዶ ቤት አይሰብርምና።

«ጌታህንስ ማን ፈጠረው?» ለሚለው ሐሳብም፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ የሰጡት ምክር ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በአላህ መጠበቅና ማቆም። ማቆም ማለት ሐሳቡን ማባረር ሳይኾን ክርክሩን መተው ነው። የሻፊዒዩ ሊቅ ኢብን ሐጀር አልሀይተሚም ስለ ወስዋስ መድኃኒት በተጠየቁ ጊዜ፣ ፈጽሞ ፊት አለመስጠት ነው ብለው መለሱ። ፊት ከሰጡት እየጨመረ ሰውዬውን ወደ እብደት ሊያደርሰው እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

ኢብን ዐባስም አንድ ነገር ጨመሩ። አቡ ዙመይል የተባለው ሰው በደረቱ ስላለው ነገር ሊነግራቸው ፈልጎ ለመናገር በፈራ ጊዜ፣ እርሳቸው ሣቁና ጥርጣሬ እንደ ኾነ ጠየቁት፤ ከዚህ ያመለጠ ሰው እንደሌለም ነገሩት። ከዚያም የሱረቱል ሐዲድን ሦስተኛ አንቀጽ እንዲል አዘዙት። ያ አንቀጽ አላህ ፊተኛም ኋለኛም መኾኑን የሚናገር ነው። አንባቢ ሆይ፤ ምክሩን አስተውለው። «ከእርሱ በፊት ማን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ የሚሠራው መጀመሪያ ላለው ነገር ነው፤ ፊተኛ የኾነ ግን በፊት የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ አንቀጹ ሐሳቡን በክርክር ሳያስረዝም ከሥሩ ይቈርጠዋል። ሣቃቸውም ከምክሩ አንዱ ክፍል ነበረ፤ የደነገጠ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ፍርሃቱ እንዲወርድለት ነውና።

ወስዋስ ከልብ ወደ ሥራ የሚሻገርበትም ጊዜ አለ። ሰውዬው ወዱእ አድርጎ «አልጠራሁም» ይላል፤ ይደግማል፤ ደግሞም ይደግማል። በዚህ ጊዜ የፊቅህ ሰዎች እርግጠኛው ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም የሚለውን መሠረት ይዘው ይፈርዱለታል። ወዱእ ማድረጉን ካወቀና መፍረሱን ከተጠራጠረ ወዱኡ አለ፤ አይደግምም። ነገር ግን ይህን ፍርድ እያወቀ እጁ ከውሃው ካልወጣ፣ መታጠቡም ከቀኑ ሰዓታትን ከወሰደበት፣ የኢማኑ ድክመት አይደለም፤ ሕመም ነው። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ይህን ወስዋስ ከነፍስ ሕመሞች አንዱ አድርገው ለብቻው ምዕራፍ ሰጥተውታል። ዛሬም የአእምሮ ሐኪሞች በምክርና በመድኃኒት ያክሙታል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሐኪም የሚልክ ሸኽ ሥራውን አልተወም፤ ሥራውን ፈጸመ እንጂ።

ሁለተኛው ዐይነት ሹብሃ ይባላል። ነጋዴያችን ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ በአውቶቡስ ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው «አላህ የምሠራውን ኹሉ አስቀድሞ ካወቀና ከጻፈ ስለ ምን ይጠይቀኛል?» አለው እንበል። ይህ ወስዋስ አይደለም። ምልክቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጻፍ የሚችል፣ ምክንያት ያለው፣ መልስ ሲያገኝ የሚያርፍ መኾኑ ነው። ለዚህ ሰው «ተወው፤ አታስበው» ማለት ስሕተት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ በቁርኣን ቤት አብሮን የሚቀራ አንድ ልጅ ይህንኑ ጠይቆ በአለንጋ ተመለሰ። ልጁ ጥያቄውን አልተወም፤ መጠየቅን ተወ እንጂ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሶላቱንም ትቶ አገኘሁት። አላህ ኢብራሂምን፣ ዐለይሂ ሰላም፣ ሙታንን እንዴት እንደሚያነሣ እንዲያሳየው በለመነ ጊዜ አልተቈጣውም፤ አላመንህምን? ብሎ ጠየቀው፤ እርሱም ማመኑን ተናግሮ ልቡ እንዲረጋ ብሎ እንደ ጠየቀ መለሰ፤ የሚያየውም ነገር ተሰጠው።

ስለዚህ ለነጋዴው መልስ ይገባዋል። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ ቈረጡ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን? ብለው ተቃወሟቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሸሽ ነው ካሉ በኋላ ምሳሌ ሰጡ፤ ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ዳር ለምለም፣ አንዱ ዳር ደረቅ ወደ ኾነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በለምለሙም ብታሰማራ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው። እንግዲህ እረኛው «ተጽፎብኛል» ብሎ በደረቁ ዳር አይቆምም፤ መምረጡም ከተጻፈው ውጭ አይደለም። ነጋዴውም ይህን በሥራው ያውቀዋል፤ ሲሳይ ተጽፏል ብሎ ሱቁን ዘግቶ የተቀመጠ ነጋዴ የለምና። ማወቅ ማስገደድ አይደለም። የአላህ ዕውቀትና የሰው ምርጫ እንዴት እንደሚገናኙ ግን እስከ ጥልቁ የሚደርስበት አእምሮ የለም፤ መምህሩ ይህን ወሰን በግልጽ ቢናገር ይሻላል፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ኾኖ የመለሰ መምህር ሁለተኛ ሹብሃ ያስነሣልና።

በዚህም ክፍል ቢኾን ሊቃውንት ስለ መጠኑ ያስጠነቅቃሉ። ኢማሙ ገዛሊ የቁርኣን ማስረጃ ለሰው ኹሉ እንደ ምግብ እንደ ኾነ፣ የከላም ሊቃውንት ክርክር ግን እንደ መድኃኒት ጥቂቱን ጠቅሞ ብዙውን እንደሚጐዳ ጽፈዋል። ይህን የጻፉት ጥርጣሬን ከሩቅ አይተው አይደለም። ስለ ራሳቸው በጻፉት መጽሐፍ እንደ ነገሩን፣ ቆሞ የሚታየው ጥላ በእውነቱ የሚንቀሳቀስ መኾኑን አስተውለው ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ ቀጥሎም አእምሯቸውን ተጠራጠሩ። ሁለት ወር ያህል በዚህ ኾነው፣ የዳኑትም ማስረጃን ከማስረጃ በመደርደር ሳይኾን አላህ በልባቸው ባኖረው ብርሃን መኾኑን መሰከሩ። ኢብን ተይሚያም ለደቀ መዝሙራቸው ለኢብኑል ቀዪም፣ ልቡን እንደ ስፖንጅ ያገኘውን ኹሉ የሚመጥ እንዳያደርገው፣ ይልቁንም እንደ ጠንካራ መስተዋት ሹብሃው በላዩ እንዲያልፍና እንዲያየው እንጂ በውስጡ እንዳይቀር መከሩት። ስለዚህ አንዱን ጥያቄ ይዘህ ወደሚያውቅ ሰው ሂድ፤ መልሱን ሳታገኝ ሌላ ዐሥር ጥያቄ አትልቀም።

ሦስተኛው ዐይነት ከኀዘን የሚወለድ ነው። ነጋዴያችን ልጁ ሞተበት እንበል። ከቀብር መልስ «አላህ ቢኖር ኖሮ ይህን ያደርግ ነበርን?» ይላል። ቃሉ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን መልስ አይፈልግም። ምልክቱም ከመከራው በፊት አለመኖሩና ሲመልሱለት መቈጣቱ ነው። ለዚህ ሰው የቀደርን ትምህርት ማስተማር በቍስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አለቀሱ፤ ዐይን እንደሚያነባ ልብም እንደሚያዝን፣ ከአንደበት ግን ጌታን የሚያስደስተው ብቻ እንደሚወጣ ተናገሩ። ያዕቆብም፣ ዐለይሂ ሰላም፣ በዩሱፍ ኀዘን ዐይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዘኑ፤ ምሬታቸውን ግን ያሰሙት ለአላህ ነው። ለአላህ ማመልከት ክሕደት አይደለም፤ አቤት የሚል ሰው ሰሚ መኖሩን አምኗልና። የዚህ ሰው መምህር ቤቱ ሄዶ ይቀመጥ፤ ይብላ፤ ያስለቅሰው፤ ሶላቱን አብሮት ይስገድ። ጥያቄው ከወራት በኋላ በረጋ ልብ ከተመለሰ ያን ጊዜ ሹብሃ ኾኗልና መልስ ይሰጠው።

እንግዲህ የተከበርህ አንባቢ ሆይ፤ ሚስትህ፣ ልጅህ ወይም የሱቅ ጎረቤትህ ጥርጣሬውን ቢገልጽልህ ከመመለስህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቀው። «ይህ ሐሳብ ትጠላዋለህን?» «በአንድ ዐረፍተ ነገር ልትነግረኝ ትችላለህን?» «መቼ ጀመረህ?» የሚጠላውና የሚመላለስ ከኾነ ክርክሩን ያቁም። በአንድ ዐረፍተ ነገር ከተነገረ ወደሚያውቅ ሰው ይዘኸው ሂድ። ከመከራ በኋላ ከጀመረ አብረኸው ተቀመጥ። ምክርን ማዛወር ያጠፋል፤ ከወስዋስ ጋራ የተከራከረ ያሳድገዋል፤ ጠያቂውን ዝም ያሰኘ ያርቀዋል፤ ኀዘንተኛውን የረታ ያስከፋዋል። ከኹሉ በፊት ግን ነግሮህ ሳለ አትደንግጥበት፤ ኢብን ዐባስ ሣቁ እንጂ አልደነገጡምና።

አላህ ልባችንን በሃይማኖቱ ላይ ያጽናልን። አሚን።