የጕድጓድ ውኃና ጨው

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም መንሥኤንና ውጤትን የሚገልጹትን ዐረፍተ ነገሮች በደብተራችሁ አስፍሩ።

በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ክፍል የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። የደም ግፊታቸው ከፍ በማለቱ ጨው እንዲቀንሱ በጤና ጣቢያ ተነግሯቸዋል። እርሳቸውም ምክሩን ተቀብለው ወጡን ያለ ጨው መሥራት ጀመሩ። ይሁን እንጂ ከሦስት ወር በኋላ ሲለኩ ግፊታቸው አልወረደም። ከወጡ ያስወገዱት ጨው ከየት እየገባ ይሆን? መልሱ የሚገኘው በመጠጥ እንስራቸው ውስጥ ነው።

ዝናብ ሲወርድ ጨው የለበትም ለማለት ይቻላል። ወደ መሬት ሠርጎ በአለት ስንጥቅና በዐፈር መካከል ሲጓዝ ግን ያገኘውን ማዕድን ሁሉ እያሟሟ ይሄዳል። ጕዞው በረዘመ መጠን የሚሸከመውም ማዕድን ይበዛል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከምድር ውስጥ የሚመጣው ሙቀት ውኃውን ስለሚያሞቀው የእሳተ ገሞራው አለት በይበልጥ ይሟሟል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የሚቆፈሩ ብዙ ጕድጓዶች ሶዲየም የበዛበት ውኃ ያፈልቃሉ።

ሁለተኛው መንሥኤ ትነት ነው። ውኃ ሲተን የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ በስፍራው ይቀራል። በቆላ አገር ከሚዘንበው ይልቅ የሚተነው ስለሚበልጥ ጨው በዐፈሩ ላይ እንደ ነጭ አመዳይ ይጋገራል። የመስኖ ውኃ ከመጠን በላይ ሲለቀቅና የሚወጣበት ቦይ ሲያጣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ከፍ ይልና ይኸው ነገር ይባባሳል። በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በልጦ ነበር። ወደ ሐይቁ የሚገባው የከርሰ ምድር ውኃ በመብዛቱ ሶዲየም ያዘለው ውኃ የግጦሽና የእርሻ መሬት አጥለቀለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሶዲየም ሁልጊዜ የወጥ ጨው ጣዕም አይኖረውም። በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከባይካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ ስለሆነ፣ ጣዕሙ ወደ ሶዳ ያደላል። በዚያ ላይ ነዋሪው ውኃውን ስለሚለምደው ጣዕሙን መለየት ይተዋል፤ «ውኃችሁ ጨው ጨው ይላል» የሚለው እንግዳው ነው። ስለዚህ ምላስ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ አንድ ንጹሕ ዕቃ መዝኑ፤ አንድ ሊትር የተጣራ የጕድጓድ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ በዝግታ አትንኑበት፤ ከደረቀ በኋላ ዕቃውን እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ አንድ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውኃው ማዕድን የበዛበት ነው። ከዚህ ውስጥ ሶዲየሙ ስንት እንደሆነና በስምጥ ሸለቆ የተለመደው ፍሎራይድም መኖሩን የሚለየው ግን የውኃ ላቦራቶሪ ነው።

አሁን ወደ እኚያ እናት እንመለስ። የጕድጓዳቸው ውኃ በአንድ ሊትር 600 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው እንበል። በቆላው ሙቀት በቀን 3 ሊትር ይጠጣሉ። 600 በ3 ሲባዛ 1,800 ሚሊ ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ነው። እንግዲህ እኚህ እናት ገና እንጀራ ሳይቈርሱ ድርሻቸውን ሊጨርሱ ምንም ያህል አልቀራቸውም። ሶዲየም በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ውኃን ይዞ ስለሚያስቀር በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። ግፊቱ ለብዙ ዘመን ከፍ ብሎ ሲኖር ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥሮች ይጎዳል። የሕፃናት ኩላሊት ገና ያልጠነከረ በመሆኑ የዱቄት ወተት በእንዲህ ያለ ውኃ ሊበጠበጥ አይገባም።

ብዙ ሰዎች ውኃውን ቢያፈሉት የሚሻለው ይመስላቸዋል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ጨውን ግን አያስወጣም። 10 ሊትር ውኃ ፈልቶ 8 ሊትር ቢቀር በአሥሩ ሊትር የነበረው ጨው ሁሉ በስምንቱ ውስጥ ይገኛል፤ 600 የነበረውም 750 ይሆናል። ክሎሪንም ቢጨመርበት፣ በጨርቅ ወይም በአሸዋ ቢጣራም ጨዉ አይለይም። የሽፈራው ፍሬ ድፍርስን ያጠራል እንጂ የሟሟን ጨው አይስብም።

ታዲያ በቤት ውስጥ ምን ሊደረግ ይችላል? የመጀመሪያው ዘዴ ውኃን በየሥራው መለየት ነው። ጨዋማው ለዕቃና ለልብስ አጠባ ይዋል፤ ሌላው ለመጠጥና ለምግብ ይቀመጥ። ለዚህም የቆርቆሮ ጣሪያ ይረዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 300 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው በፍንጣቂ ቢባክን እንኳ 240 ሊትር ይተርፋል። በቀን 20 ሊትር ለመጠጥና ለምግብ ለሚያውል ቤተሰብ ይህ የ12 ቀን ቀለብ ነው። ጣሪያውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ውኃ ይደፋ፤ ማጠራቀሚያውም ክዳን ይኑረው፤ ውኃው ከመጠጣቱ በፊት ይፍላ ወይም በክሎሪን ይታከም።

ሁለተኛው ዘዴ ማደባለቅ ነው። የዝናቡ ውኃ የማይበቃ ሲሆን ሁለት እጅ የዝናብ ውኃ ከአንድ እጅ የጕድጓድ ውኃ ጋር ቢደባለቅ 600 የነበረው ወደ 200 ይወርዳል፤ የእኚያ እናት የቀን ድርሻም ከ1,800 ወደ 600 ሚሊ ግራም ዝቅ ይላል።

ሦስተኛው በፀሐይ ማጣራት ነው። ታችኛው ክፍሉ በጠቈረና በዘመመ መስተዋት በተከደነ ገንዳ ውስጥ የተነነው ውኃ በመስተዋቱ ሥር ተንጠባጥቦ ይጠራቀማል። አንድ ካሬ ሜትር ገንዳ ግን በጠራ ፀሐይ ከሁለት እስከ አራት ሊትር ያህል ብቻ ስለሚሰጥ ለአንድ ሰው መጠጥ እንጂ ለቤተሰብ አይበቃም። ሌላ ውኃ እስኪገኝ ድረስ ግን ጨውን በመፍራት ጥምን መታገሥ አይገባም፤ በቆላ አገር ውኃ ማጣት ፈጥኖ ይጎዳል።

ለ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. የእናትየው የደም ግፊት ወጡን ያለ ጨው ቢሠሩም ያልወረደው ለምንድን ነው?
2. ጨዋማነትን በጣዕም ብቻ መለየት የማይቻለው በምን በምን ምክንያት ነው?
3. በአንድ ሊትር 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም ያለበት ውኃ ከእኩል የዝናብ ውኃ ጋር ቢደባለቅ ስንት ይሆናል?

ሐ. ሰዋስው

«ክሎሪን ቢጨመርበትም ጨዉ አይለይም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ቢ...ም» ድርጊቱ ቢፈጸም እንኳ የሚጠበቀው ውጤት አለመገኘቱን ያሳያል። «ስለ» ግን መንሥኤን ከውጤት ጋር ያያይዛል። ከምንባቡ የተወሰዱ ሐሳቦችን በመጠቀም በ«ቢ...ም» ሁለት፣ በ«ስለ» ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

መ. ድርሰት

ቤተሰባችሁ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚቀዳና በምን እንደሚቀመጥ ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ ውኃው ጨዋማ ሆኖ ቢገኝ ከላይ ከተገለጹት ዘዴዎች ለቤታችሁ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ ግለጹ።